«ለ20 ደቂቃ» ከየት ጀምሮ? የአሳ ወጥ አሠራርን አንድ ደረጃ እንደገና ስለ መጻፍ

በቤተሰባችን በቃል ብቻ ሲተላለፉ የቆዩትን የምግብ አሠራሮች በጽሑፍ ማስፈር ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉም በላይ ያደከመኝ የመጠን ጉዳይ ሳይሆን የቅደም ተከተልና የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ማስታወሻ ባሕር ዳር ውስጥ በየቤቱ ከሚሠራው የአሳ ወጥ አንዱን ደረጃ ብቻ ወስጄ፣ እንዴት እንደገና እንደጻፍሁት ለእናንተ አብሮ አብሳዮች አካፍላለሁ። ከአክስቴ አፍ ሰምቼ በመጀመሪያ የጻፍሁት እንዲህ ይል ነበር፦

«ሽንኩርቱን አቁላልተው በርበሬና ዘይት ጨምረው ውሃ ጠብ እያደረጉ ለ20 ደቂቃ ካበሰሉ በኋላ አሳውን ጨምረው ሲበስል መከለሻ ነስንሰው ያውጡ።»

ወጥ ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ምንም አይጎድለውም፤ ምክንያቱም የጎደለውን የሚሞላው እጁ ነው። ወረቀቱን የሰጠኋት የአጎቴ ልጅ ግን ገና ወጥ መሥራት የምትለማመድ በመሆኗ ሽንኩርቱን እየከተፈች ሳለ «እትዬ፣ 20 ደቂቃው የሚቆጠረው ሽንኩርቱ ከተጣደ ጀምሮ ነው ወይስ በርበሬው ከገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መልሱን የሚሰጥ አንድም ቃል የለም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ሽንኩርቱ ብቻውን ውሃውን ጨርሶ እስኪቁላላ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 20ውን ከሽንኩርቱ ጀምሮ የቆጠረ ሰው ለበርበሬው የሚተርፈው 5 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ወጡ ጥሬ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ለበላተኛውም ቃር ይሆንበታል። ከበርበሬው ጀምሮ የቆጠረ ሰው ደግሞ ትክክለኛውን ወጥ ያገኛል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱን ለምን ያህል ጊዜ ማቁላላት እንዳለበት ማንም አልነገረውም።

የችግሩ ሥር ያለው «አቁላልተው»፣ «ጨምረው»፣ «ነስንሰው» በሚሉት ቦዝ አንቀጾች ላይ ነው። በአማርኛ እነዚህን እያከታተልን አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሥራት እንወዳለን፤ ለተረትና ለወግ ደግሞ የተመቹ ናቸው። የአሠራር ጽሑፍ ላይ ግን አንዱ ድርጊት ሲያልቅ ሌላው እንደሚጀምር ይናገሩ እንጂ፣ ፊተኛው አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ አይናገሩም። በመጨረሻ የሚመጣው የጊዜ ልክም የቅርቡን ድርጊት ብቻ ይለካ ወይም ሰንሰለቱን በሙሉ አይታወቅም። ስለዚህ ቦዝ አንቀጽ የማስገባው ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ትንፋሽ ሲሠሩ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «እሳቱን ቀንሰው በርበሬውን ይጨምሩ» ማለት ይቻላል። በመካከላቸው መጠበቅ ካለ ግን በአራት ነጥብ እዘጋለሁ።

«በርበሬና ዘይት ጨምረው» የሚለውም ለብቻው ያስቸግራል። «ና» ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ያለፈ ስለ ተራቸው የሚለው ነገር የለም፤ ብዙ ሰው ደግሞ በተጻፈው ተራ ይሠራል። በርበሬው ዘይት ወዳልነካው ሽንኩርት ከገባ ከድስቱ ሥር ይይዝና ያራል፤ ያረ በርበሬ የሚሰጠው ምሬትም በኋላ በምንም አይወጣም። «ውሃ ጠብ እያደረጉ» የሚለው መነሻውም መድረሻውም ስላልተገለጸ ሽንኩርቱ ገና ሲቁላላ ውሃ የሚያንጠባጥብ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ያ ሽንኩርት እንደ መቀቀል እንጂ እንደ መቁላላት አይሆንም።

ከዓረፍተ ነገሩ ውጪ ተደብቀው የነበሩ ሁለት ድርጊቶችም አሉ። አክስቴ አሳውን በሎሚና በጨው ታሸዋለች፤ ቁሌቱ ላይ የምትጨምረው ውሃም የፈላ ነው። እነዚህን በመጀመሪያ የጻፍኋቸው «አሳውን ከመጨመርዎ በፊት በሎሚና በጨው ይሹት» እና «ሙቅ ውሃ ይጨምሩ» ብዬ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን አንባቢው «ከ… በፊት» የሚለውን የሚያገኘው እጁ በርበሬ ላይ እያለ ነው። በዚያ ሰዓት ዞር ብሎ አሳ ሲያሽ ቁሌቱ ያርበታል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ተራ እጅ የሚሠራበት ተራ መሆን አለበት፤ ቀድሞ የሚሠራ ነገር ቀድሞ ይጻፋል። ሎሚው ላይ የጊዜ ጣሪያም አስፈልጓል፤ አሳ ሎሚ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆየ አሲዱ የውጩን ሥጋ ነጭና ጠንካራ ያደርገዋልና እሳት ሳይነካው የበሰለ ይመስላል።

በጣም የቆየሁት «ሲበስል» የሚለው ቃል ላይ ነው። የሚበስለው አሳው ነው ወይስ ወጡ? ለሁለቱም «ሲበስል» ይባላልና ቃሉ አይለይም። አሳው የሚለው ስም በግልጽ ሲገባ ይህ ይፈታል፤ ነገር ግን አንባቢው መብሰሉን በምን ያውቃል የሚለው ይቀራል። ደቂቃ ብቻውን አይበቃም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቆላ አገር ያለ ዘመድ ይህንኑ ወረቀት ይዞ ቢሠራ አሳው ቶሎ ይደርስለታል። የቁራጩ ውፍረትም ይለያያል፤ የቆሮሶ ቁራጭና የትልቅ አምባዛ ቁራጭ እኩል ጊዜ አይፈጁም። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ የሚዘጋው በዓይን የሚታይ ምልክት እንዲሆንና ደቂቃው ግምት ሆኖ እንዲከተለው አድርጌአለሁ። የአሳ ምልክት ግልጽ ነው፤ ጥሬው ሥጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን ሲበስል ድፍን ነጭ ይሆናል፤ በሹካ ሲነካም ከአጥንቱ ይላቀቃል።

አሁን ደረጃው ይህን ይመስላል። መጠኑ ለ1 ኪሎ አሳ ነው፦

«በመጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያላቸውን የአሳ ቁራጮች በሎሚና በጨው ይሹ። ከ10 ደቂቃ ሳያስበልጡ በውሃ ያለቅልቁና ያንጠፍፉ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ በሌላ ዕቃ ይጣዱ።

ግማሽ ኪሎ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይትና ያለ ውሃ በመካከለኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ያቁላሉ። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር፣ ይኸውም 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ግማሽ ሲኒ ዘይት ይጨምሩ።

ሽንኩርቱ ቡናማ መልክ ሲይዝ እሳቱን ቀንሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይጨምሩ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ቁሌቱ መያዝ በጀመረ ቁጥር ከሞቀው ውሃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉ። ዘይቱ ተለይቶ ወደ ላይ ሲወጣ በርበሬው በስሏል፤ በርበሬው ከገባ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

የቀረውን ውሃ ይጨምሩ። ወጡ ሲንተከተክ አሳውን ያስገቡ። ከዚህ በኋላ በማማሰያ አይንኩት፤ ድስቱን በጆሮዎቹ ይዘው ብቻ ያወዛውዙ። የአሳው ሥጋ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ሲላቀቅ፣ ማለትም ከ10 ደቂቃ በኋላ አካባቢ፣ መከለሻውን ነስንሰው ወዲያውኑ ያውርዱ።»

የአጎቴ ልጅ ይህን ይዛ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ፤ አንባቢ ወረቀቱ ላይ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ ያልጠራበት ነውና። ወደ ኋላ የተመለሰችው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ «እሳቱን ቀንሰው» የሚለው ጋ። የእኛ ቤት ከሰል ስለሆነ የሚቀነስ ቁልፍ የለም። ለዚያ ቦታ «በከሰል የሚሠሩ ከሆነ ፍሙን በመቆስቆሻ ወደ ዳር ይግፉና ድስቱ ጸጥ እስኪል ይጠብቁ» የሚል አንድ መስመር ጨምሬአለሁ። በርበሬውም የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።