እርጥብ በሶብላ ለቅቤ፦ ስንት ማንኪያ?

የእናቴን የቅቤ አነጣጠር የተማርኩት በስልክ ነው። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን። ደብተሬ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለአንድ ኪሎ ቅቤ በሶብላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ኮሰረት ሁለት፣ ኮረሪማ አንድ፣ አብሽ ግማሽ፣ እርድ ለመልኩ ያህል።» በሶብላው ደረቅ ይሁን እርጥብ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። እሷ ቤት በሶብላ ከተባለ ደረቅ ነው፣ አለቀ።

ለጥቂት ዓመታት ደረቁን ከቀፊራ እየገዛሁ ያለ ችግር አነጠርኩ። ለአንድ ፋሲካ የገዛሁት ግን የሞተ ነበር። በመዳፌ አሸሁት፣ የአቧራ ሽታ ብቻ። ደህና ደረቅ በሶብላ አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሲታሽ ደግሞ ሽታው ከእጅ ላይ ቶሎ አይለቅም። ይሄኛው ቡናማ ሆኗል፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ሽታው ጠፋ። ነጋዴዋ ጋ ልመልሰው ብል ከፍዬ ከወጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች በሶብላ ይተክላሉ። ስነግራቸው ሳቁ። «አቦ ለዚህ ነው የምትጨነቂው? ነይ ቁረጪ።» ቆረጥኩ። ታሪኩ እዚህ ጋ ማለቅ ነበረበት፣ ግን ሁለት ጊዜ አበላሸሁት።

መጀመሪያ ደብተሬን አምኜ ሁለት ማንኪያ የተከተፈ እርጥብ በሶብላ ለአንድ ኪሎ ቅቤ ጨመርኩ። ቅቤው ወጣ፣ መልኩም ያምራል። ሽሮ ላይ ሳደርገው ኮሰረቱና ኮረሪማው ይሸታሉ፣ በሶብላው ግን የለም። ቅጠል አብዛኛው ውሃ መሆኑን ረስቼ፣ ሁለቱን ማንኪያ እኩል ቆጥሬያቸዋለሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ተናደድኩ። አንድ ትልቅ እስር ሙሉውን፣ ለጋውን ግንድ ጭምር፣ ቆራርጬ ድስቱ ውስጥ አስገባሁት። ቅጠሉን ደግሞ ገና እንደታጠበ ነው የጨመርኩት። ቅቤው ቸስስ ብሎ ተነሳና ግማሹ አረፋ ቡታጋዙ ላይ ፈሰሰ። ፈርቼ እሳቱን ቀነስኩ፣ አረፋው ጋብ ሲል በቃ ነጠረ ብዬ አወረድኩት። ስቀምሰው ሣር ሣር ይላል፣ ከኋላው ደግሞ መረር ይላል።

የባሰው በኋላ መጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከዕቃው በታች ያለው ቅቤ ይጎመዝዝ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥሬ ቅቤ ራሱ ከመቶ ከ15 እጅ ያላነሰ ውሃ አለው፤ ማንጠር ማለት በዋናነት ያንን ውሃ ማስወጣት ነው። እኔ በዚያ ላይ የአንድ እስር ቅጠል ውሃና የማጠቢያውን ውሃ ደረብኩበት፣ ሳያልቅም አወረድኩት። አዲስ አበባ ቢሆን ቅቤው ሲረጋ ውሃው ከታች ለብቻው ይታይ ነበር። ድሬ ሙቀት ውስጥ ግን ቅቤ መደርደሪያ ላይ እንደ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚውለው፤ ከታች ያለው ውሃ ትንሽ ደፍረስ ያለ ነገር መስሎ ያመልጣል። አሁን ካነጠርኩ በኋላ ትንሽ በብርጭቆ ቀድቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከታች ጠብታ ውሃ ካየሁ ሁሉንም መልሼ እሳት ላይ እጥደዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ልኩ የገባሁት። ከሰፈር ሱቅ ሚዛን ተውሼ ከግንዱ የተለየ 100 ግራም የበሶብላ ቅጠል መዘንኩ። ሰፌድ ላይ በስሱ አሰጥቼ ጥላ ውስጥ ተውኩት። በእኛ አየር ሦስተኛው ቀን ላይ በጣት ሲነካ ይሰባበር ነበር። ስመዝነው 14 ግራም። ማለትም በክብደት ሰባት እጥፍ ነው የቀነሰው። እንግዲህ ሂሳቡ «አንድ ግራም ደረቅ ለሰባት ግራም እርጥብ» ይላል ማለት ነው፤ በማንኪያ ሲሰፈር ደግሞ ለአንድ ማንኪያ ደረቅ አምስት ወይም ስድስት ማንኪያ የተከተፈ እርጥብ ይመጣል።

ምላስ ግን በዚህ ሂሳብ አይስማማም። በሶብላ ሲደርቅ የሚሄደው ውሃው ብቻ አይደለም። ሽታውን የሚሸከመው ዘይትም ቶሎ የሚተን ስለሆነ ከውሃው ጋር ከፊሉ ይሄዳል። ስለዚህ እርጥቡ በሂሳብ ከሚወጣው ባነሰ መጠን የደረቁን ያህል ይሸታል። ምን ያህል ባነሰ የሚለውን ለማወቅ ሦስት ትናንሽ ድስት ጣድኩ፣ እያንዳንዱ ሩብ ኪሎ ቅቤ። አንዱ ውስጥ ራሴ ያደረቅኩት ግማሽ ማንኪያ፣ ሁለተኛው ውስጥ አንድ ተኩል ማንኪያ እርጥብ፣ ሦስተኛው ውስጥ ሦስት ማንኪያ እርጥብ። ሌላው ቅመም እኩል ነው። እማማን ጠርቼ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው በትኩስ ቂጣ አቀመስኳቸው።

የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ደጋግመው ቀመሱ። «እነዚህ እህትማማች ናቸው፣ ይቺኛዋ ትንሽ ልጅ ናት» አሉ ሁለተኛውን እያሳዩ። ሦስተኛውን ሲቀምሱ ፊታቸው ተጨማደደ። «ኮረሪማውን ምን አደረግሽው?» ኮረሪማው አለ፤ በሶብላው ውጦት ነው።

ስለዚህ እኔ ቤት ሕጉ ይሄ ሆነ፦ ለአንድ ማንኪያ ደረቅ ሦስት ማንኪያ እርጥብ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ስድስት የሾርባ ማንኪያ፣ በሚዛን ከ20 ግራም በታች፣ በእጅ ከሆነ አንድ ልል እፍኝ ቅጠል። ማንኪያው ሲሞላ አይጠቀጠቅም፣ ቅጠሉም ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ሙሉ ቅጠል ማንኪያ ላይ ክፍት ቦታ ስለሚተው ልኩን ያሳስታል።

አንድ ወጥመድ አለ። ሦስት እጥፍ የሚሠራው ደረቁ በእጅ የተፈረፈረ ከሆነ ነው። የእናንተ አዘገጃጀት የሚለው በደንብ የተፈጨ፣ ልም የሆነ በሶብላ ከሆነ አንድ ማንኪያው ውስጥ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቅጠል አለ። ያኔ ለአንድ ማንኪያ ደረቅ እርጥቡ ወደ ስድስት ማንኪያ ይጠጋል። እናቴን ደውዬ «ያንቺ በሶብላ የተፈጨ ነው የተፈረፈረ?» አልኳት። «እጅ ምን ሊሠራ ነው የተፈጠረው?» አለችኝ። የተፈረፈረ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቅጠሉን አጥቤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ለጥቂት ሰዓት እተወዋለሁ፣ የማጠቢያው ውሃ እስኪጠፋና ቅጠሉ ጠውለግ እስኪል። ቅቤውን በትንሽ እሳት አቅልጬ የራሱን አረፋ እስኪጨርስ እገፍፋለሁ። በሶብላውን የምጨምረው ያኔ ነው፣ ከደረቁ ቅመም ሁሉ ቀድሞ፣ በሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍዬ። ድስቱ እስከ ግማሹ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ያንን ከቡታጋዙ ተምሬያለሁ።

ከዚያ በጆሮ ነው የሚሠራው። ቅጠሉ ሲገባ ይንጫጫል። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። አንድ ቅጠል በማንኪያ አውጥቼ በጣቴ ስጫነው ከተሰበረ ውሃው ወጥቷል። ከተጣጠፈ ገና ነው። ጥቁር አረንጓዴ መሆኑ ደግ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ግን አርሯል፣ መራራውም ከዚያ ይመጣል። ዝም ካለ በኋላ ነው ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹንና እርዱን የምጨምረው። ደረቅ ቅመም የሚያወጣው ውሃ ስለሌለው ትኩስ ቅቤ ውስጥ በጣም ቶሎ ያራል፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያ አውርጄ ትንሽ አሳርፌ በሻሽ አጠላለሁ።

ይህን ልክ የተማርኩት በበሶብላ ስለሆነ ለሁሉም ቅጠል ልጠቀምበት ሞክሬ ነበር። የጥብስ ቅጠል እምቢ አለ። እሱ ወፍራምና ዘይታም ነው፣ ከጅምሩም ውሃው ያነሰ ነው። 100 ግራሙን ሳደርቅ 33 ግራም ቀረኝ፤ ሽታው ደግሞ ሲደርቅ እንደ በሶብላ አይሸሽም። ጥብስ ላይ ሦስት እጥፍ እርጥብ ሳደርግ ሥጋው እንደ መድኃኒት ሸተተ። በሁለት እጥፍ ጀምሬ እየቀመስኩ ነው የምጨምረው።

ጤና አዳምና ድንብላል ላይ ደግሞ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። በርበሬ ላይ የሚገባው የጤና አዳም ደረቅ ፍሬ ነው፣ ቡና ላይ የምንነክረው እርጥቡ ቅጠል ሌላ ጣዕም ነው። ደረቁ ድንብላልም ፍሬ ነው፤ ቅጠሉን ምን ያህል ብታበዙት እሱን አይሆንም።

ሽሮና በርበሬ ለማስፈጨት ደግሞ እርጥብ በሶብላ ጨርሶ አይገባም፣ በየትኛውም ልክ። ቅቤ ላይ እሳት ውሃውን ያስወጣዋል፤ ዱቄት ውስጥ የሚያስወጣው የለም። ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ከዚያ ይሻግታል። ለእሱ የእማማን በሶብላ አበባው ጭምር እቆርጥና ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ አንድ ቀን ሞክሬ ጥቁር ጭድ ሆኖብኛል፣ ሽታውም አብሮ ሄዷል። ወፍጮ ቤት ከመሄዴ በፊት ግንዱን ሰብሬ አየዋለሁ። ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከተለመጠ አንድ ቀን ይጨመርለታል።

ደብተሬ ላይ «በሶብላ ሁለት ማንኪያ» የሚለውን አልሰረዝኩትም። ከጎኑ በሌላ ቀለም «ደረቅ፣ በእጅ የተፈረፈረ። እርጥብ ከሆነ ስድስት» ብዬ ጨመርኩበት። እማማም ቅቤው ሲያልቅባቸው አንድ እፍኝ በሶብላና ባዶ ጠርሙስ ይዘው አጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።