የብስክሌት ጎማ የመለሰልኝ የሚቶኮንድሪያ ጥያቄ

ስለ ሚቶኮንድሪያ ሳስተምር ምሳሌዬ ከደጃችን ነበር፦ ጣና የፕሮቶን ክምችት፣ የጢስ ዓባይ ተርባይን ደግሞ የሕዋሱን የጉልበት ስንቅ፣ ኤቲፒን፣ የሚሠራው ኢንዛይም ኤቲፒ ሲንቴዝ። ፕሮቶኖች ወደ ውስጥ ሲወርዱ ኢንዛይሙን ያሽከረክሩታል። በእኛና በሌሎች አጥቢዎች 8 ፕሮቶን አንድ ዙር ያዞረዋል፤ ከዚያ ዙር 3 ኤቲፒ ይወጣል። እስከዚህ ምሳሌው ያስኬዳል።

አንዲት ተማሪ ግን «መምህር፣ ታዲያ አንካፕለር ሲጨመር ኦክሲጅኑ ለምን ቶሎ ያልቃል?» አለችኝ። አንካፕለር ፕሮቶኖቹ በተርባይኑ ሳያልፉ እንዲሾልኩ የሚያደርግ ኬሚካል ነው። መልስ አጣሁ። ጣና ቢሸነቆር ወደ እሱ የሚገባው ግልገል ዓባይ ፍጥነቱን አይጨምርማ!

እዚሁ ባሕር ዳር ልለካው ተነሣሁ። የአይጥ ጉበት በበረዶ ላይ በሱክሮስ ውህድ ፈጭቼ፣ ሚቶኮንድሪያውን በሴንትሪፊውጅ ለየሁ። ከዚያ ነዳጅ የሚሆነውን ሱክሲኔት፣ ሮቴኖንና ፎስፌት ጨምሬ በ25 ዲግሪ በኦክሲጅን ኤሌክትሮድ ተከታተልሁት። ለአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን በደቂቃ 15 ናኖሞል ኦክሲጅን ፈጀ። ኤቲፒ የሚሠራበት ኤዲፒ ሲደርሰው 70 ገባ። ኤቲፒ ሲንቴዝን የሚዘጋውን ኦሊጎማይሲን ስጨምር ወደ 14 ወረደ።

መልሱ እዚህ ላይ ነበር። ሱክሲኔቱ አላለቀም፣ ኦክሲጅኑም አለ፤ የተዘጋው የፕሮቶን መውረጃው ብቻ ነው። ግን ኦክሲጅን እየፈጁ ፕሮቶን ወደ ውጭ የሚገፉት ፓምፖች ራሳቸው ደከሙ፤ ውጭ የተጠራቀመው ግፊት መልሶ ይጫናቸዋልና። ብስክሌት የነፋ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጎማው ሲጠጥር መንፊያው አልገፋ ይላል።

ከዚያ ኦሊጎማይሲኑ እንዳለ ዲኤንፒ የተባለውን አንካፕለር ጨመርሁ፤ ፍጆታው 72 ደረሰ። ዲኤንፒ ፕሮቶን ከውጭ ይዞ የሽፋኑን ስብ ያቋርጥና ውስጥ ይለቀዋል፤ ጎማውን መብሳት ማለት ነው። ግፊቱ ሲወድቅ ፓምፖቹ ያለ ጫና ይሮጣሉ፣ ኦክሲጅን ይበላሉ። ኤቲፒ ግን የለም፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። (እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰዎች ለመክሳት ሲወስዱት በሙቀት የሞቱ ነበሩ፤ ስለዚህ ዱቄቱን ያለ ጓንት አልነካም።)

ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ዲኤንፒውን በአንዴ አብዝቼ ጨመርሁ፤ ፍጆታው ጥቂት ወጥቶ ወዲያው ወደቀ። ሲበዛ ፓምፖቹ ያሉበትን የኤሌክትሮን ሰንሰለት ራሱን ያፍነዋል። አሁን በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ፤ መስመሩ ሽቅብ መውጣቱን ሲያቆም እቆማለሁ። የሚሟሟበትን ኤታኖልም ለብቻው እሞክራለሁ።

ሁለተኛው የከፍታ ነገር ነው። ኤሌክትሮዱን ሳስተካክል ከመጽሐፍ የወሰድሁት 258 ማይክሮሞላር በባሕር ጠለል ላይ አየር የጠገበ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስላለች እዚህ ውሃው የሚይዘው 210 ገደማ ነው። ፍጥነቶቼ ሁሉ ከ20 በመቶ በላይ ተጋንነው ወጡ፤ የአንዱ ከሌላው ያለው ንጽጽር ትክክል ስለነበር ስህተቱ ቶሎ አልታየኝም። ከላይ የጻፍኋቸው ቁጥሮች በ210 ተሰልተው የታረሙት ናቸው።