ሦስት ድምፅ፣ አንድ ክብሪት

ጎረቤታችን ጋሼ ድሮ ባቡር ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ደጃቸው ወንበር አውጥተው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝ። «አቦ፣ አንተ ሙዚቃ ትችል የለ? ይቺ የምንድን ነች?» ብለው አንጎራጎሩ። በወጣትነታቸው ጅቡቲ ሳሉ በፈረንሳይኛ ያዩት ተከታታይ ፊልም መግቢያ ነው። ስሙ ጠፍቷቸዋል። ታሪኩም ተዋናዩም እንደዚያው።

በስልኬ ቀዳኋቸው። ሦስት ድምፅ፣ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያው ናቸው፤ ሦስተኛው ግን በየዙሩ ዝቅ ይላል። በምን ያህል? እዚህ ላይ ጋሼን ማመን አልቻልኩም። ምንም ያንጎራጉሩ ምን፣ ዜማው ወደ ትዝታ ቅኝት ይሄድባቸዋል። (እኔም ብሆን ያው ነኝ።)

ስለዚህ ዜማውን ትቼ ምቱን ጠየቅኋቸው። የወንበሩን ክንድ በጣታቸው መቱ፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። በአራት ብቆጥረው አልገጥም አለኝ። ተሳስተዋል ብዬ እያጨበጨብኩ በአራት አስመታኋቸው። ጥፋቴ ይሄ ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ምሽት ሙሉ የመቱት የራሳቸውን ሳይሆን የእኔን ነው። ደግነቱ ስልኩ የመጀመሪያውንም ቀድቶታል።

ማታ ቤቴ ደግሜ ሰማሁት። ረጅሙን 3፣ አጭሩን 2 ብዬ ቆጠርኩ፤ 3፣ 3፣ 2፣ 2። ድምሩ 10፤ ሁለት ሁለቱ አንድ ምት ስለሚሆን ባለ 5 ምት ነው። እንዲህ ያለ የቴሌቪዥን መግቢያ እንደ ልብ አይገኝም። አንድ ስም መጣልኝ፣ ግን አልነገርኳቸውም። ስም ከሰሙ ትዝታቸውም ወደዚያው ያዘነብላል።

በማግስቱ ስለ ምስሉ ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ክብሪት ይጫራል። ክር ይቀጣጠላል። እሳቱ ይሮጣል።»

እሱው ነው! «ሚሽን ኢምፖሲብል»፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአሜሪካ ተከታታይ። ሙዚቃው የላሎ ሺፍሪን ነው። ክሩ እየነደደ በመሃል የዚያ ቀን ክፍል ቁርጥራጮች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ቁርጥራጮቹ በየክፍሉ ይቀየራሉ፣ እሳቱ ግን ያው ነው። ጋሼ ታሪኩን ረስተው ክሩን መያዛቸው ለዚህ ይመስለኛል። ሦስተኛው ድምፅም በእውነቱ የሚወርደው በግማሽ ድምፅ፣ በግማሽ ድምፅ ነው። ትዝታ ቅኝት ውስጥ እንዲህ ያለ አወራረድ የለም፤ ጋሼ አወራረዱን ሰፋ ያደረጉትም ለዚያ ነው።

ለማረጋገጥ መጀመሪያ በ1996 እ.ኤ.አ. በዚያው ስም ሲኒማ ሲወጣ በአራት ምት የተሠራውን አሰማኋቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

ቀጥዬ የድሮውን ከፈትኩ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሬ። ጣታቸው ወንበሩ ላይ ጀመረ፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸው፣ አሁን እሳቱ እየሮጠ ነው» አሉ።

ስክሪኑን አየሁ። እየሮጠ ነበር።