ለልጃችሁ የጥናት ጠረጴዛ ስታሠሩ መሳቢያ አታስገጥሙ

ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 135 ሴንቲሜትር። አራተኛ ክፍል ስትገባ ሳሎናችን ጥግ ላይ የራሷ የጥናት ቦታ ላዘጋጅላት ወሰንሁ። ቦታውን መምረጥ ቀላል ነበር፦ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ያለ፣ መስኮቱ በጎን የሚሆንበት ግድግዳ። ወንበሩን ከምግብ ጠረጴዛችን ወሰድሁ። ጠረጴዛውን ግን አሠራሁ፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

ሰፈራችን ላለ አናጺ ቀብድ ከፍዬ «ለልጅ ጥናት የሚሆን፣ ለደብተሮቿ ሰፊ መሳቢያ ያለው» አልሁት። ቁመቱን ስጠይቀው «76 ሴንቲሜትር፣ ስታንዳርዱ ነው» አለኝ። ለማን ስታንዳርድ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልጅቷን አምጥቼ አላስለካሁም፤ እሱም አምጫት አላለኝም።

ጠረጴዛው ሲመጣ ያምር ነበር። ልጄ ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላት ደብተሯን ይዛ አልጋዋ ላይ ትተኛለች። «ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት አልጋ ላይ እንድትጽፊ ነው?» እያልሁ ሁለት ወር ያህል ተቆጣኋት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገሩን ያየችው ልትጠይቀን የመጣች እናቴ ናት። «ልጅቱ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ የምትጽፈው እኮ ጠረጴዛው ደረቷ ድረስ ስለሚመጣ ነው» አለችኝ። ተንበርክኮ መጻፍ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ መስቀል፣ አገጭን ክንድ ላይ ማሳረፍ፤ ሦስቱንም በየቀኑ አይ ነበር፤ ስንፍና ነው የመሰለኝ።

በዚያው ማታ ሜትር አወጣሁ። ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ 36 ሴንቲሜትር ነው። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ክንዷን ስታጥፍ ከወንበሩ እስከ ክርኗ 20። ለመጻፍ ገበታው ከክርን 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ይመቻል፤ ስለዚህ በወንበሩና በገበታው መካከል 23 ሴንቲሜትር ያህል ይበቃታል። የእኛ ወንበር ከፍታው 45 ነው፤ ከ76 ሲቀነስ 31። ስምንት ሴንቲሜትር ትርፍ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፦ ወንበሩን በ8 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል ከሥር መርገጫ ማስገባት። ስፖንጅ ገዛሁ፤ ስትቀመጥበት ግማሹ ተጨፍልቆ ጠፋ። በጣውላ ተክቼ ቀጭን ጨርቅ ለበጥሁበት። ከፍታው 53 ሆነ፤ አሁን ግን ጭኗ ከጠረጴዛው ሥር አልገባም አለ። ያ የምወድደው መሳቢያ ከነገበታው 16 ሴንቲሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ለጭኗ የቀረው 7 ሴንቲሜትር ነው፤ ጭኗ ደግሞ 11 ይፈልጋል።

ወደ አናጺው ተመለስሁ። «እህቴ፣ ልጅ ያድጋል፤ ካልሆነም እግሩን ልቁረጠው» አለኝ፤ ለመቁረጫም ዋጋ ጠራ። እዚያው ቆሜ አሰላሁት። እግሩ በ17 ተቆርጦ ጠረጴዛው 59 ቢሆን፣ በ36 ሴንቲሜትር ወንበር ላይ ብትቀመጥ፣ ከመሳቢያው ሥር የሚቀረው ያው 7 ሴንቲሜትር ነው! ለልጅ ከሚያስፈልገው ከ23 ሴንቲሜትር ውስጥ 16ቱን መሳቢያውና ገበታው ከበሉት መጋዝ ምንም አይፈይድም። ይህን የሚያውቀው እሱ መሆን ነበረበት፤ ሙያው ነው።

መሳቢያውን ቤት ውስጥ በካቻቪቴ ፈታሁት። የእግሮቹ ማያያዣ እሱ ኖሮ ጠረጴዛው መወዛወዝ ጀመረ፤ ከኋላ በኩል፣ ጉልበቷ በማይደርስበት፣ አግዳሚ እንጨት አስመታሁ። ደብተሮቹ አሁን ግድግዳው ላይ ባለ መደርደሪያ ናቸው። ለመርገጫው 17 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ጣውላዎች ደራረብሁ። ወንበሩ ለእሷ ጥልቅ ስለሆነ ከጀርባዋ ጠንካራ ትራስ አለ፤ ከጉልበቷ ማጠፊያና ከወንበሩ ጫፍ መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይቀራል።

መብራቱን በሚመለከት ሁሉም ሰው «በግራ አድርጊው» ይላችኋል። ልጄ ግራኝ ናት። በግራ ባስቀመጥሁት ቀን የእጇ ጥላ የምትጽፈው ፊደል ላይ ወደቀ፤ ወደ ቀኝ አዛወርሁት። ከዚያ በወንበሯ ዝቅ ብዬ በዓይኗ ልክ አየሁ፤ አምፖሉ ራሱ ይታየኝ ስለነበር ቆቡን ወደ ታች አዘነበልሁት። የሳሎኑንም መብራት አላጠፋም፤ ደብተሩ ብቻ በርቶ ዙሪያው ሲጨልም ዓይኗን ታሻለች።

ባለፈው ወር እንደገና ለካኋት። ከወለል እስከ ጉልበት 38 ደርሳለች፤ ከመርገጫው አንዱን ባለ 2 ሴንቲሜትር ጣውላ አወጣሁ።