«መጠነኛ መዘግየት»

ዛሬ ጠዋት የክፍያ ሲስተማችን በከፊል ተቋረጠ። ብሩ ከገዢው ሒሳብ ይቆረጣል፤ ማረጋገጫው ግን ሻጩ ጋ አይደርስም። እኔም ቸኩዬ «አንዳንድ ደንበኞች መጠነኛ መዘግየት ሊገጥማቸው ይችላል» ብዬ ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከሰኞ ገበያ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ደወሉ። «ልጄ፣ ሰውየው ሁለቴ ከፍሎ ፊቴ ቆሟል። መጠነኛው የቱ ነው?»

አፈርኩ። ደግሜ ጻፍኩ፦

«ከ3:40 ጀምሮ ከሌላ ባንክ የሚላክ ክፍያ ማረጋገጫው አይደርስም። በአንድ ባንክ ውስጥ የሚላከው ይሠራል። ብር የተቆረጠበትን ሰው ደግማችሁ አታስከፍሉ። ምክንያቱን ገና አላገኘነውም። ቀጣዩ መልእክት 5:00 ላይ ነው፣ ባይስተካከልም።»

5:00 ሆነ፤ አልተስተካከለም። አዲስ ነገር ስላልነበረኝ ልተወው አሰብኩ። ግን ቃል ነውና ላክሁ፦ «አልተፈታም። ቀጣዩ 5:30።» የስልኩ ጋጋታ ጋብ ያለው ያኔ ነው። ለካ አብዛኛው ሰው የሚደውለው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ስላላወቀ ነው።

6:10 ላይ ተስተካከለ። ሁለቴ የከፈሉትን ግን ገና እየለየን ነው። ዝርዝሩን ነገ ጠዋት 4:00 እንልካለን ብለናል። ለእኚያ እናት ራሴ እደውላለሁ።