የእህቴን የወጪ መጋራት ውል ስንፈርም

ገላን ዳር፣ ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ ባለው ቤታችን፣ «ዕዳ» ሲባል አባቴ ፊቱ ይለወጣል። እህቴ በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፋ ክፍለ ሀገር ወዳለ ዩኒቨርሲቲ በተመደበች ጊዜ ቤተሰቡን ያስጨነቀው ርቀቱ አልነበረም። ጭንቀቱ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚፈረመው የወጪ መጋራት ውል ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህንኑ ውል ፈርሜ ተምሬ ዕዳዬንም ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩ እኔ ላይ ተጣለ።

ውሉ የመጣው በ1995 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ነው። ከዚያ በፊት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም በነፃ ነበር። ደንቡ ከመጣ ወዲህ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲገባ ግን እንዲከፍል አይገደድም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ቅጹ ላይ አገልግሎቱን በዓይነት ነው የምትፈልጉት ወይስ በጥሬ ገንዘብ የሚል ምርጫ አለ፤ ቀድሞ ለመክፈል ለሚሻም የተዘጋጀ ቦታ አለው። ቀድሞ የከፈለ 5 በመቶ ቅናሽ ያገኛል።

አባቴን የሳበው ይህ የመጨረሻው ነበር። አንዲት ላም ነበረችን፤ እሷን ሸጦ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎ ልጁን ከዕዳ ነፃ አድርጎ ሊልካት ፈለገ። ክቡር ሐሳብ ነው። ሂሳቡ ግን ሌላ ነገር ይላል፤ ቁጭ ብለን ሠራነው።

የተማሪ የቀን ምግብ በጀት እሷ በገባችበት ዓመት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሎ ነበር። በወር 3,000፣ በአሥር ወር 30,000 ብር ይሆናል። መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ሲታከልበት የእህቴ የአንድ ዓመት ዕዳ 33,000 ብር ገደማ መጣ። ቀድሞ በመክፈል የሚገኘው 5 በመቶ ቅናሽ 1,650 ብር ነው። ለዚህ ቅናሽ ሲባል ከ31,000 ብር በላይ ዛሬ ከእጅ ይወጣል ማለት ነው።

አባቴ «ቅናሽ ቅናሽ ነው» አለ። እኔ ደግሞ የራሴን ውል አውጥቼ አሳየሁት። በ2009 ስገባ የቀን ምግቤ 15 ብር ነበር፤ በዓመት 4,500 ብር። ሦስቱ ዓመት ከነመኝታውና ከነትምህርቱ ድርሻ 17,000 ብር አካባቢ ደረሰ። ይህ ቁጥር ወለድ ስለማይታሰብበት ከተመረቅሁ በኋላም አላደገም። ጤፉ፣ ዘይቱና የቤት ኪራዩ ግን ቀን በቀን አደጉ፤ በ2014 ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። መጀመሪያ ስቀጠር ደመወዜ 4,000 ብር ስለነበር የሚቆረጥብኝ 400 ብር እጄን ይጎዳኝ ነበር። ኋላ ደመወዙ ሲጨምር ዕዳው እዚያው ቆሞ ቀረ። ወለድ የሌለውን ዕዳ ለ5 በመቶ ብሎ ቀድሞ መክፈል ከአንዲት ላም በቀር ሌላ ለሌለው ቤተሰብ አይመከርም፣ አልኩት።

ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት ደግሞ ውሉ የማይሸፍነው ነገር ነው። ተማሪዋ በዕዳ ሦስት ጊዜ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትማራለች። የመጓጓዣ፣ የሳሙና፣ የንጽህና መጠበቂያ፣ የፎቶ ኮፒና የስልክ ገንዘብ ግን ማንም አያበድራትም። እኔ ጋር ዶርም ከነበሩት መካከል ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ዕዳው አላስፈራውም፤ ያስወጣው ለእረፍት ሄዶ መመለሻ ትራንስፖርት ማጣቱ ነው። ላሟ ሳትሸጥ ቀርታ ወተቷ ቢሸጥ፣ በየወሩ የምትልኩላት ትንሽ ብር ከቅናሹ ይልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታቆያታለች። አባቴ በዚህ ተረታ።

ምግቡን በጥሬ ገንዘብ እንድትወስድ የመከሯትም ነበሩ። ዕዳው ያው ነው፣ ቢያንስ ብሩን በእጅሽ ያዢው የሚል ምክር ነው። እኔ አልደገፍኩትም። ዩኒቨርሲቲው ዱቄትና ሽሮ በጅምላ ይገዛል፤ አብሳዩን የሚቀጥረውም እሱ ነው። ያንኑ 100 ብር ይዛ ግቢ በር ላይ ካለ ምግብ ቤት ብትገባ ሦስት ማዕድ አያበላትም። ከድሃ ቤት ለሄደ ተማሪ ደግሞ በእጅ ያለ የምግብ ብር ቤት ውስጥ ሰው በታመመ ቁጥር ወደ ኋላ ይላካል፤ ተማሪው ጾሙን ያድራል። በዓይነት እንድትፈርም አደረግን።

እስከዚህ ድረስ ስርዓቱን የማሞግስ ከመሰላችሁ፣ መውጫው ላይ ያየሁትን ልናገር። በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የሚሰጠው ጊዜያዊ ሰርተፍኬት ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪው የሚለቀቀው ዕዳው መከፈሉ ሲረጋገጥ ነው። አባቱ ሀብታም የሆነ ጓደኛዬ በተመረቀበት ክረምት ከፍሎ ወሰደ። እኔ በየወሩ እየተቆረጠብኝ ቆየሁ። የተሻለ ሥራ ተገኝቶ ኦሪጅናሉ ሲጠየቅ ወደ ገቢዎች ሄድኩ፤ በስሜ የተመዘገበው ገንዘብ ከተቆረጠብኝ ግማሹን እንኳን አይሞላም ነበር።

የተፈጠረው ነገር ቀላል ነው። አሠሪዬ የነበረው ድርጅት የሁላችንንም ተቀናሽ በአንድ ላይ ባንክ ሲያስገባ፣ በአንዳንዶቹ ወራት የስም ዝርዝር አላያያዘም። ገንዘቡ ገብቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ «ወጪ መጋራት» የሚል መስመር መኖሩ ገንዘቡ ከእናንተ መውጣቱን ብቻ ይነግራችኋል፤ በስማችሁ መድረሱን አይነግራችሁም። እኔ የየወሩን የደመወዝ መክፈያ ሰነድና የባንክ ደረሰኝ ከድርጅቱ አስወጥቼ፣ ድምሩ ከድምሩ መግጠሙን ወር በወር አሳየሁ። የቀረውን በአንዴ ከፈልኩ፤ የክፍያ ማጠናቀቂያ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ሬጅስትራር ሄድኩ። ዲግሪው እጄ ሲገባ ግን ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ለእህቴ የምላት እንግዲህ ይህ ነው፦ የየዓመቱን ውል ቅጂ ያዢ፤ ስትቀጠሪ ስምሽ ያለበትን የተቀናሽ ዝርዝር ቅጂ በየጊዜው ጠይቂ፤ ሥራ ስትለቂ እስከዚያ ቀን የተቆረጠብሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ።

ስለ ብድሩ ስናወራ ወንድማችን ዝም ይላል። በ2015 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እሱ ከነሱ መካከል አልነበረም። ውሉ የመንግሥት ተቋም መደበኛ ተማሪ ላልሆነ አይደርስም። እሱ ቀን ብሎኬት ማምረቻ እየሠራ፣ ማታ የግል ኮሌጅ ይማራል፤ ምዝገባውም ወርሃዊ ክፍያውም ቅድሚያ በጥሬ ገንዘብ ነው። በገላን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ያልነበረው፣ አስጠኚ መቅጠር ያልቻለው እሱ፤ የብድር በር የተዘጋበትም እሱ። ባለፈው ሴሚስተር የሁለት ወር ክፍያ ስለዘገየበት የማጠቃለያ ፈተና አልተቀመጠም፤ ኮርሶቹን ዘንድሮ እንደገና እየከፈለ ይወስዳል።