ከተረብ ልምምዴ፦ ሦስተኛዋ ሐረግና ከፊቷ ያለችው ዝምታ

እዚህ ጎንደር ከጓደኞቼ ጋር በምናደርገው የተረብ ልምምድ ሰሞኑን የያዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ተተራቢው ሒሳብ በቀረበ ቁጥር ሰበብ የማያጣ ወዳጃችን ሲሆን፣ እሱም በደስታ ፈቅዷል። የመጀመሪያው ቅጂ እንዲህ ይላል፦ «ሒሳብ ሲመጣ ቦርሳው ይጠፋበታል፤ መነጽሩ ይጠፋበታል፤ እሱ ራሱም ከወንበሩ ተነሥቶ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ይጠፋል።»

በስልክ ቀድቼ ሳዳምጠው ሳቁ «ተነሥቶ» ላይ ጀምሮ በተከታዮቹ ቃላት ይታፈናል። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ ድንገተኛው ነገር ቀድሞ ከወጣ አድማጩ ከሳቀ በኋላ የምንናገረው ትርፍ ይተርፋል፤ ስለዚህ ድንገቱን ግሡ ራሱ ቢሸከመው ይመረጣል። አሁን የምለው «ቦርሳው ይጠፋበታል፤ መነጽሩ ይጠፋበታል፤ ራሱ ይጠፋል» ነው። ሁለት ጊዜ «ይጠፋበታል» የሰማ ጆሮ ሦስተኛውንም በዚያው ልክ ይጠብቃል፤ ቃሉ ሲያጥር ግን ንብረት የጠፋበት ሰው ጠፊው ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ሁለቱ ቀዳሚዎች ሥርዓት ለማስያዝ ብቻ ስለሚያገለግሉ ተራ ሊሆኑ ይገባል። መነጽሩን በሚያስቅ ነገር ስተካው አድማጩ እዚያው ስቆ ሦስተኛዋ ቀዝቅዛ ደረሰች፤ «ስልኩ ይጠፋበታል» የሚል አራተኛ ስጨምር ደግሞ መጨረሻውን ለመገመት ጊዜ አገኘ።

ዝምታዋ የምትገባው ከ«ራሱ» በፊት እንጂ ከ«ራሱ» በኋላ አይደለም፤ «ራሱ» ብሎ የቆመ ሰው ቀሪውን ለአድማጩ አስረክቧል። ርዝመቷም አንድ አጭር ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ ካነሰች ሦስቱ ሐረጎች እንደ ዕቃ ዝርዝር ይፈስሳሉ፤ ከበዛች ፊት የተቀመጠው ሰው ቀድሞ ይጨርስልሃል፣ መርዘሟንም ከዚህ የበለጠ የሚያሳውቅ ምልክት የለም። በዝምታዋ ጊዜ ፊት እንዳይፈታ፣ ድምፅም እንዳይነሣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ፈገግታ ከቃል ቀድሞ ያወራልና። (አዝማሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ክፍተቱን በማሲንቆው ይሞላዋል፣ እኛ ግን ባዶ እጃችንን ነን።) ከ«ይጠፋል» በኋላም ሳቁ እስኪበርድ ምንም አልጨምርም፤ የሚቀጥለው ቃል ሳቁን ስለሚያቋርጠው ነው።

ተረቡ ጠባዩን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ይሠራል፤ በእንግዶች ፊት ግን ሰውየው በእውነት ዕቃ የሚጠፋበት ምስኪን ይመስላል። ለእነሱ «ወዳጃችን ከሒሳብ ጋር አይስማማም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማለሁ፤ እሱንም ያለ ቀልድ፣ እንደ ተራ ወሬ እናገረዋለሁ።